ጠብ ጠብ፣ ጠጋ ጠጋ፦ የሥዕል መጽሐፍ አንድ ገጽ ወደ አማርኛ ሲመለስ

የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ጽሑፉ ትንሽ ነው። አንድ ገጽ ላይ አራት አምስት መስመር ቢኖር ነው። ሰው ይህን ያይና «ቁጭ ብዬ በአንድ ማታ እጨርሰዋለሁ» ይላል። ይጨርሰዋልም። ከዚያ ጮክ ብሎ ሲያነበው አፉ ላይ ይንገዳገዳል፣ ልጁም ሁለተኛው ገጽ ላይ ተነስቶ ይሄዳል። ቃላቱ ትክክል ናቸው፤ ችግሩ ጆሮ ላይ ነው።

ስለዚህ እዚህ አንዲት ገጽ ብቻ ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሠራታለሁ። ገጿ ለዚሁ ብዬ ያሰብኳት ናት። ዝናብ እየዘነበ ነው። አንዲት ትንሽ አይጥ በትልቅ ቀይ ጃንጥላ ሥር ቁጭ ብላለች። ከገጹ ቀኝ ጥግ የሆነ ግራጫ ነገር ብቅ ብሏል። ልጁ ልብ ብሎ ካየ የኩምቢ ጫፍ ነው። ገጹ ሲገለጥ ዝሆን ሙሉ ገጽ ሞልቶ ይቆማል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጽሑፍ ቃል በቃል ቢመለስ ይህን ይመስላል፦

ጠብታ፣ ጠብታ፣ ዝናቡ ወደ ታች መጣ።
ትንሿ አይጥ በትልቁ ቀይ ጃንጥላዋ ሥር ተቀመጠች።
«ለአንድ ተጨማሪ ቦታ አለ?» አለ አንድ ድምፅ።
እናም ማን ሊሆን ይችላል፣ ከ...
(ገጽ ይገለጣል)
...ዝሆን በስተቀር!

ይህን ማንም ይረዳዋል። ማንም ግን ለልጁ እንዲህ ብሎ አይተርክም።

ብዕር ከማንሳት በፊት

መጀመሪያ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ደግሞም ፈቃዱን እዩ። የሰው መጽሐፍ ተርጉሞ ማሳተም የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ለመለማመድ ከሆነ እንደ ስቶሪዊቨር እና አፍሪካን ስቶሪቡክ ያሉ ድረ ገጾች ላይ መተርጎም የሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ ያላቸው የሥዕል መጻሕፍት አሉ። የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም መጥቀስ ግን ግዴታ ነው።

እስከ መጨረሻው አንብቡ ያልኩት በምክንያት ነው። በእኛ ታሪክ ከዝሆኑ በኋላ ሌሎች እንስሳት እየመጡ ጃንጥላው ሥር ይታጨቃሉ። ያው ጥያቄ በየገጹ ይደጋገማል። እንግዲህ ለመጀመሪያው ገጽ የምንመርጠው አዝማች እስከ መጨረሻው ገጽ መዝለቅ አለበት። ይህን ሳያዩ የመጀመሪያውን ገጽ ያሳመረ ሰው አራተኛው ገጽ ላይ ሁሉንም ያፈርሳል።

ቀጥሎ ጾታ ወስኑ። እንግሊዝኛው አይጧን በደፈናው ሊያልፋት ይችላል፣ የእኛ ግሥ ግን አያልፍም። ወይ ገባ ነው ወይ ገባች። በተረታችን ትንንሽና ብልጥ እንስሳት ብዙ ጊዜ ሴት ናቸው፦ ጦጢት፣ ጥንቸሊት። አይጣችንም አይጢት ትሁን። ዝሆኑ ወንድ ነው። አጠራራቸውም ከዚያው ከተረቱ ይምጣ። ጦጣ «እመት ጦጢት»፣ ጅብ «አያ ጅቦ» ሲባሉ የኖሩበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ «እመት አይጢት» እና «አያ ዝሆን»። «ሚስተር ዝሆን» ወይም «አቶ ዝሆን» ካላችሁ ዝሆኑ ከቀበሌ የመጣ ይመስላል።

ሥዕሉ የተናገረውን ቃል አይድገመው

ሥዕሉን ከጽሑፉ ለይታችሁ እዩት። ጃንጥላው ቀይ መሆኑን ልጁ ያየዋል። ትልቅነቱንም ያየዋል። የአይጧን ትንሽነት መንገር አያስፈልግም። «በትልቁ ቀይ ጃንጥላዋ ሥር» የሚለው ሐረግ በእንግሊዝኛው አጫጭር ቃላት ስለሆነ ይዘላል፤ በአማርኛ ግን በ፣ ኡ፣ ዋ እያለ ተጎታች ይጭናል። ሁለቱን ቅጽሎች አውጡና መስመሩ ይተነፍሳል።

አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ። ቀይነቱ በኋላ ታሪኩ ውስጥ ሥራ አለው ወይ? ለምሳሌ ጃንጥላው በነፋስ ተወስዶ «ቀይ ጃንጥላ ያየ!» እየተባለ የሚፈለግ ከሆነ «ቀይ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው መኖር አለበት። በእኛ መጽሐፍ ሥራ የለውም። ይውጣ።

ቀለም መቁጠር

አሁን ወደ ምቱ። የአማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም ነው። ቀለም ማለት በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ድምፅ እንጂ ፊደል አይደለም። ፊደል የቆጠረ ይሳሳታል። «ጠብ» ሁለት ፊደል ነው፣ አንድ ቀለም። «ጃንጥላ» አራት ፊደል ነው፣ ሦስት ቀለም፦ ጃን፣ ጥ፣ ላ። «ዘረጋች» አራት ፊደል፣ ሦስት ቀለም፦ ዘ፣ ረግ፣ ጋች። ቃላት ሲገናኙም ይዋዋጣሉ። «ቁጭ አለች» ቶሎ ሲባል ሦስት ቀለም ነው፣ የ«አ» ድምፅ ወደ «ጭ» ይገባል። በወረቀት ላይ አትቁጠሩት። እጃችሁን እያጨበጨባችሁ በሉትና ጭብጨባውን ቁጠሩ።

ለትንንሽ ልጆች የሚስማማው አጭሩ ልክ ነው። ቡሄ በሉ የሚባለው የግጥም ቤት አራት አራት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚሄድ ነው። ልጅ እየዘለለ የሚለው ልክ ይህ ነው። የወል ቤት ስድስት ስድስት ነው፣ ለትልቅ ሰው ትካዜና ፉከራ ያምራል፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ትንፋሹ ይረዝምበታል። ስለዚህ መስመራችን ስምንት ቀለም ይሁን፣ ቢቻል መሐሉ ላይ የሚከፈል።

የመጀመሪያው መስመር ራሱ መጣ። «ጠብታ፣ ጠብታ» የሚለው የመጽሐፍ ስም ነው። ዝናብ ሲጀምር አማርኛ ድምፁን ይጠራዋል፦

ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ፣ ዝናብ መጣ።

አራት፣ ከዚያ አራት። «ወደ ታች» የሚለውንም ጣልነው። ዝናብ ወደ ላይ አይመጣም።

አማርኛ እዚህ ላይ የታደለ ነው። ብድግ፣ ዱብ፣ ሹልክ፣ ቁጭ፣ ብቅ፣ እልም፣ ቦግ፣ ድርግም። እነዚህ ሁሉ «አለ» ወይም «ብሎ» እየተጨመረላቸው እንቅስቃሴውን በድምፅ ያሳያሉ። እንግሊዝኛው በተውሳከ ግሥ የሚለውን እኛ በእነዚህ እንለዋለን። «በፍጥነትና በጸጥታ ገባች» የሚል ካገኛችሁ «ሹልክ ብላ ገባች» በሉት። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደገ ልጅ «ሹልክ»ን ሰምቶት አያውቅ ይሆናል። ግድ የለም። አንባቢው ትከሻውን ሰብቆ ሲለው ይገባዋል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር እንዲህ ሆኑ፦

አይጢት ጃንጥላ ዘረጋች፣
ሹልክ ብላ ከሥር ገባች።

በእንግሊዝኛው ተቀምጣለች፣ በእኛ ዘርግታ ገባች። ይህ ክህደት አይደለም። ሥዕሉ ላይ ቁጭ ብላ ትታያለች፣ ቃሉ ደግሞ እንዴት እዚያ እንደደረሰች ይናገራል።

ሁለቱም መስመር ስምንት ቀለም ነው። የሁለተኛው መስመር ክፍፍል ግን አራት ለአራት አይደለም። «አይጢት / ጃንጥላ / ዘረጋች» ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት ነው። ልኩን ለመጠበቅ የፈለገ «ጃንጥላዋን / አይጥ ዘረጋች» ማለት ይችላል፣ ያኔ አራት ለአራት ይሆናል። እኔ አልመርጠውም። ምክንያቱም ማንም እናት ለልጇ ስትተርክ ከባለቤቱ ትጀምራለች፤ ልጁ መጀመሪያ «ማን?» ነው የሚለው። ልክና የአፍ ልማድ ሲጣሉ፣ ጠቅላላው ቁጥር እስከተጠበቀ ድረስ፣ ለአፍ ልማድ አድላ። ቀጣዩ መስመር ወደ አራት ለአራት ስለሚመለስ ጆሮ ይቅር ይላል።

ቤት መምታት ሱስ ይሆናል

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ቤት መምታት ርካሽ ነው። አንዲት ሴት ገጸ ባሕርይ ካላችሁ መስመሩ ሁሉ ሳትለፉ በ«ች» ያልቃል፦

አይጢት ጃንጥላ ይዛ ተቀመጠች፣
ቦታዋንም አመቻቸች፣
ድንገት አንድ ድምፅ ሰማች፣
ዞር ብላም አየች።

ይህ ቤት የመታ ይመስላል። ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ግን የዕቃ ዝርዝር ይሆናል። ድምፁ አራት ጊዜ አንድ ቦታ ይወድቃል፣ ልጁ ሁለተኛው ላይ ያንቀላፋል። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ በአንድ ዓይነት የግሥ መድረሻ ከሁለት መስመር በላይ አታስኬዱ፣ ሁለቱም ላይ ቢሆን ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለው ድምፅ ይመሳሰል። «ዘረጋች» እና «ገባች» ከ«ች» በፊት ሁለቱም «ኣ» አላቸው፤ «ጋች»፣ «ባች»። «ተቀመጠች» እና «ሰማች» ግን «ጠች»፣ «ማች» ናቸው፣ ጆሮ ላይ ይንሸራተታሉ።

የመጀመሪያው መስመር ጓደኛ የለውም፣ «መጣ» ብቻውን ቀርቷል። ይቅር። የዝናቡ መስመር በየገጹ ስለሚመለስ ጓደኛው ቀጣዩ ገጽ ላይ ያለው ራሱ ነው። ለዚህ ተብሎ «ዝናብ መጣ» ከሚለው ጋር የሚገጥም «አይጢት ወጣ» የሚመስል ነገር መፈልሰፍ ግጥሙን ከታሪኩ በላይ ማድረግ ነው።

ጠጋ ጠጋ

ወደ ጥያቄው መጣን። «ለአንድ ተጨማሪ ቦታ አለ?» ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ግን የትኬት ቢሮ ቋንቋ ነው። በአማርኛ ሰው ጥግ ሲፈልግ ምን ይላል? «ጠጋ በይልኝ» ይላል። «እመት አይጢት፣ ጠጋ በይልኝ!» ብንል ደስ የሚል መስመር ነው።

አሁን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ይጠቀማል። ቀጣዩ ገጽ ላይ ጃንጥላው ሥር ያሉት ሁለት ናቸው። «በይልኝ» ወደ «በሉልኝ» መለወጥ አለበት። አዝማቹ ተሰበረ። ልጁ ደግሞ አዝማቹን ከእናንተ ቀድሞ ሊል አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው።

መፍትሔው ከታክሲ ረዳት አፍ ላይ ይገኛል። ረዳቱ ተሳፋሪው ሴት ይሁን ወንድ፣ አንድ ይሁን አምስት አይለይም፦ «ጠጋ ጠጋ!» ግሡን ጥሎታል። ጾታና ቁጥር የሚሸከመው ግሡ ነበር፣ እሱ ሲወጣ ሐረጉ ለማንም ይሆናል። አራት ቀለም ነው። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ «እመት አይጢት፣ ጠጋ ጠጋ!»፣ ከቀጣዩ ጀምሮ «እናንተዬ፣ ጠጋ ጠጋ!»። «እናንተዬ»ም አራት ቀለም ነው። አዝማቹ እስከ መጨረሻው ገጽ ሳይነካ ይዘልቃል።

አንድ የጠፋ ነገር አለ። በእንግሊዝኛው ግዙፉ ዝሆን ትንሿን አይጥ በትሕትና መጠየቁ ቀልዱ ነበር። «ጠጋ ጠጋ» ትንሽ ደፋር ነው። ትሕትናውን «እመት» ተሸክሞታል፤ አንባቢውም መስመሩን በወፍራም ግን ለስላሳ ድምፅ ቢለው ይመለሳል። ይህን ለአንባቢ ማስታወሻ ብሎ መጻፍ አያስፈልግም፣ ኩምቢው ጥግ ላይ ይታያል።

ገጹ የሚገለጥበት ቦታ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፣ ብዙ ትርጉም የሚሞተውም እዚህ ነው።

እንግሊዝኛ ግሡን አስቀድሞ ስሙን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ይችላል። «...የመጣውም...» ብሎ ይቆማል፣ ገጹ ይገለጣል፣ «ዝሆን!» ይላል። በአማርኛ የተለመደው አረፍተ ነገር «ዝሆን መጣ» ነው። ዝሆኑ ከግሡ ይቀድማል። ያንን ይዘን ከሄድን ወይ ዝሆኑን ከመገለጡ በፊት እናወጣዋለን፣ ወይ ከተገለጠ በኋላ «ዝሆን ነበር የመጣው» እያልን ልጁ ቀድሞ ያየውን እንነግረዋለን። «ከዝሆን በስተቀር» ደግሞ ከነጭራሹ አይሆንም፤ «ከ» ብቻዋን ገጹ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ማንም ሊያነባት አይችልም። ፊደሏ ከስሙ ጋር የምትጣበቅ ናት።

መንገዱ አረፍተ ነገሩን ለሁለት መክፈል ነው። ከመገለጡ በፊት ጥያቄ፣ ከተገለጠ በኋላ ስም ብቻ። አማርኛ ተረት ድሮም የሚሄደው በጥያቄና መልስ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ሰሚ ያስፈልጋል። ልጁ መልስ መስጠት ይፈልጋል፣ ዕድሉን ስጡት፦

ማነው እሱ? ማነው? ማነው?

እንደገና አራት ለአራት። ሦስተኛው «ማነው» ላይ እጅ ገጹን ይይዛል። ከተገለጠ በኋላ፦

አያ ዝሆን!

ሌላ ምንም። ግሥ የለም፣ ነጥብም ቃለ አጋኖ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፣ ከንግግሩ በኋላ «አለ አንድ ድምፅ» የሚለውን ጥለነዋል። «አለ» ካልን ተናጋሪው ወንድ መሆኑ ይታወቃል፣ «አለች» ካልን ሴት። «እሱ»ም እኮ ያጋልጣል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ግን አማርኛ ማንነቱ ላልታወቀ ሰው «ማነው?» ስለሚል ልጅ በዚህ አይጠረጥርም። በሌላ ገጽ የምትመጣው ላም ከሆነችና ምሥጢሩን መጠበቅ ካስፈለገ «ማነው እሱ?» በሚለው ፋንታ «ማን ይሆን? ማን?» ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ቀለሙን ግን እንደገና ቁጠሩ።

ማጥበቅና ማላላት

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። ለራሱ የሚያነብ ሰው ተመልሶ ያስተካክላል። ለልጅ ጮክ ብሎ የሚያነብ ግን አንዴ ከሳተ ምቱ ሄደ። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ መኖር ነው። «ዝሆኑ ይመታል» ዝሆኑ መቺ ነው ወይስ ተመቺ? አረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አይታወቅም። አማርኛን ከቤት ውጭ የማይጠቀም ወላጅ እዚህ ላይ ይበልጥ ይሰናከላል። ሁለት ንባብ ያለው ቃል መስመር መጀመሪያ ላይ ከመጣ በሌላ ቃል ለውጡት፣ ወይም ከፊቱ ትርጉሙን የሚወስን ቃል አስገቡ። እኛ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ የለም። «አለ» ስለወጣ ነው።

ለሌላ ሰው አፍ

ገጹ አሁን ይህ ነው፦

ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ፣ ዝናብ መጣ።
አይጢት ጃንጥላ ዘረጋች፣
ሹልክ ብላ ከሥር ገባች።
«እመት አይጢት፣ ጠጋ ጠጋ!»
ማነው እሱ? ማነው? ማነው?
(ገጽ ይገለጣል)
አያ ዝሆን!

እናንተ ስታነቡት ሁልጊዜ ያምራል፣ ምቱን ታውቁታላችሁና። ስለዚህ አይቶት ለማያውቅ ሰው ስጡት። ምንም አትንገሩት። በስልክ ቅዱትና በኋላ ስሙት። ሦስት ነገር ይጠቅማል። የት ተመልሶ አነበበ? እዚያ የጥብቀት ወይም የቃል ቅደም ተከተል ችግር አለ። የት ከራሱ ቃል ጨመረ? አንባቢ «እና» ወይም «ከዚያ» ከጨመረ መስመሮቹ መካከል ክፍተት አለ። የት ቃል ዋጠ? እዚያ ቀለሙ በዝቷል። «እመት አይጢት» ከሚለው በኋላ አንባቢው ከራሱ «አለ ዝሆኑ» ብሎ ከጨመረ፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ አለመታወቁ የታሰበበት መሆኑ አልገባውም፤ የ«ማነው» መስመር ወደ ንግግሩ ተጠግቶ ይቀመጥ።

ከዚያ ለልጅ። ልጁ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ጠጋ ጠጋ!» የሚለውን ከእናንተ ቀድሞ ካለው አዝማቹ ሠርቷል። ዝም ካለ ወይ አዝማቹ ረዝሟል፣ ወይ በየገጹ ቦታው ይቀያየራል።

የቀረው ለገጽ አቀናባሪው የሚሰጠው ነው። መስመሩ የሚሰበርበትን ቦታ እናንተ ወስኑ፣ ኮምፒውተሩ እንዲሰብረው አትተዉት። ሣጥኑ ጠቦ «ዘረጋች» ብቻዋን ወደ ታች ከወረደች አንባቢው እዚያ ይተነፍሳል፣ ምቱም ይበጠሳል። ቦታ ካነሰ የፊደሉን መጠን ጥቂት መቀነስ መስመር ከመስበር ይሻላል። አጻጻፉም አንድ ይሁን፦ አንድ ገጽ ላይ «ጃንጥላ»፣ ሌላው ላይ «ዣንጥላ»፣ አንድ ቦታ «ሥር»፣ ሌላ ቦታ «ስር» አይሁን። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ከማንም አራሚ ቀድሞ ያገኘዋል።